የተንጠፈጠፈ

ጠዋቱ እንደ ወትሮው ነበር። የምግብ ባለሙያዋ ነጭ ጋዎኗን ደረበች፣ እጇን ታጠበች፣ የታካሚዎቹን የምግብ ካርድ ይዛ ወደ ሴቶች ክፍል ወጣች። 

በሩ አጠገብ የተኛችው ልብስ ሰፊ አንገቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ከምግብ የሚገኘውን ቅባት የሚያጓጉዝ ቀጭን ቧንቧ ተነክቶባታል። ቅባት ስትበላ አንገቷ ላይ በተተከለው ቱቦ ወደ ጠርሙስ የሚወርደው ፈሳሽ ይነጣል። ስለዚህ በቀን ከአሥር ግራም ቅባት አትለፍ፣ ፕሮቲን ግን አይጉደልባት ተብሏል። ጠርሙሱ ሦስት ቀን ጠርቶ ነበር። ዛሬም ከጠራ ቱቦው ወጥቶ ቤቷ ትገባለች፤ ልጇ ነገ ጠዋት ለሥራ ሩቅ አገር ይሄዳልና።

ጠርሙሱ ወተት መስሎ ነበር። ሐኪሙ አይቶ መውጫዋን ሰረዘ።

ባለሙያዋ ደረጃውን ወርዳ ወጥ ቤት ገባች። ሁሉን ነገር ካልመዘነች እጇ አርፎ የማይቀመጥ፣ እትዬ ሚዛን የሚሏት ወጥ ሠሪ አትክልት ትከትፋለች። ባለሙያዋ ትናንት ለልብስ ሰፊዋ ምን እንደሰጠቻት ጠየቀቻት። ቱና፣ በምሳና በራት መቶ መቶ ግራም። በውሃ የታሸገው አልቆ ስለነበር ግምጃ ቤቱ የዘይቱን ሰጣት። እሷም በወንፊት አንጠፈጠፈችው፤ አልበቃ ብሏት በወረቀት አደራረቀችው።

«ካርድሽ የተንጠፈጠፈ ነው የሚለው» አለች። «ጠብታ አላስቀረሁበትም፣ ልጄ። አንቺ ራስሽ ብትጨምቂው አይወጣልሽም።»

ልክ ነበረች። ባለሙያዋ ባዶውን ጣሳ አንስታ ጽሑፉን አሳየቻት፤ ዘይቱ ከተንጠፈጠፈ በኋላ እንኳ በመቶ ግራም ስምንት ግራም ቅባት። የውሃው አንድ አይሞላም።

«ዘይቱ ሥጋው ውስጥ ዘልቋል፣ እትዬ። የሚንጠፈጠፈው ከላይ ያለው ብቻ ነው።»

«ፕሮቲኑስ?»

«ፕሮቲኑ አልጎደለም። እንዲያውም የዘይቱ ትንሽ ሳይበልጥ አይቀርም።»

እትዬ ሚዛን ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሁለት ጊዜ ስምንት አሥራ ስድስት መሆኑን ለመቁጠር ሚዛን አላስፈለጋትም። ባለሙያዋ ጥፋቱ የካርዱ እንደሆነ ነገረቻት፤ «በውሃ የታሸገ» ብላ መጻፍ የነበረባት እሷ ናት። ለወትሮው ከግምጃ ቤት የሚመጣው የውሃው ብቻ ስለነበር ቃሉን ትታዋለች።

ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ለልብስ ሰፊዋ የሆነውን እንዳለ ነገረቻት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝም አለቻት። 

«ዓሣውማ ይጣፍጥ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ምነው ዛሬ ለሰለሰ ብያለሁ። እኔው መጠርጠር ነበረብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ልጁ መጣ። ከሥራ እስኪወጣ የመጠየቂያው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የእናቱን እግር በብርድ ልብሱ ላይ እየዳበሰ ቆየ፤ እሷ ስለ ሻንጣው ዚፕ ብቻ ጠየቀችው። ባለሙያዋ በኮሪደሩ ስታልፍ አየቻቸው፣ አልገባችም።

በማግስቱ ፈሳሹ መጥራት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ የውሃውን ቱና ግማሹን በላች። ልጇ የለም።