በረዶው ሁለቴ ይጻፍ

የብቅል ፋብሪካው ጠበቃዋን ወለተሩፋኤልን የቀጠራት፣ ከገበሬዎች ጋር በሚዋዋልበት ውል ውስጥ ገጽ የሞላውን አንድ ዓረፍተ ነገር የማንንም ግዴታ ሳትነካ አሳጥራ እንድትከፋፍል ነበር። ጎንደር ቢሮዋ ውስጥ የከፋፈለችውን ለገብስ አምራቹ ለአያ ዳኛው አነበበችላቸው።

«በረዶ እርሻውን ካልመታ፣ ገበሬው ገብሱን በጥር ያስረክባል። የጎደለውን ከገበያ ገዝቶ ይሞላል።»

«ምነው ልጄ፣ በረዶ ቢመታኝም ገዝቼ ልሙላ?»

ወለተሩፋኤል ደነገጠች። አሮጌው ዓረፍተ ነገር በረዶ ለመታው ገበሬ ሁለቱንም ግዴታ ያነሣለት ነበር። ብዕሯን አንሥታ ሁለተኛው ላይም «በረዶ እርሻውን ካልመታ» ብላ ጨመረች።

የፋብሪካው ተወካይ ባምላክ ፊቱን አጨማደደ። «አንዴ ተጽፏል እኮ! አሳጥሪ አይደል የተባልሽው?»

«አንዴ የበቃው ዓረፍተ ነገሩ አንድ ሳለ ነው» አለችው። «ይህን ካወጣሁ ያሳጠርኩት ውሉን ሳይሆን የእኒህን ሰው ዕድሜ ነው።»