በውክልና አይቻልም

ጋሽ ፍሬን ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ተሳፋሪው ያወጣላቸው ስም አብሯቸው ወጣ። እግራቸው ከነዳጅ መስጫው ይልቅ ከፍሬኑ ጋር ተወዳጅቷል እየተባሉ ይታሙ ነበር። እሳቸው ስሙን አልጠሉትም። «ፍጥነት ወዳዶቹን ሁሉ ቀብሬ የቀረሁት እኔ ነኝ» ይላሉ።

እኒህ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው እንግዲህ ከጡረታ ቢሮ በመጣ አንድ ወረቀት ያኮረፉት።

ነገሩን ለልጃቸው የነገረቻት ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቱ ሌላ ከተማ ውስጥ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት። ስልኩ ሲጠራ ለአንድ ሰውዬ የሳል ሽሮፕ እያቀበለች ነበር።

«እኚህ አባትሽ ጉድ ሊሠሩን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ቢሮ አልሄድም ብለዋል። ያላጠፋሁትን ቀርቤ አልናዘዝም ነው የሚሉት። ወሩ ሲያልቅ ጡረታው ይቆማል፣ ከዚያ በምን ሊኖሩ ነው? በኩራት?»

«ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።»

ወረቀቱ መጣ። «የጡረታ ባለመብቶች ከዘንድሮ ጀምሮ በሕይወት ስለመኖራቸው በየዓመቱ ማረጋገጥ ያለባቸው በመሆኑ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መታወቂያዎንና የጡረታ ደብተርዎን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ እያሳሰብን፣ በውክልና ማረጋገጥ የማይቻል መሆኑንና በማይቀርቡት ላይ ክፍያው የሚታገድ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። አንባቢውን ትንፋሽ አሳጥሮ የሚገድል ዓረፍተ ነገር ነው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ግን በሽታውን ወዲያው አገኘችው። «የሚታገድ» የምትለዋ ቃል ናት።

ሾፌር ዘንድ የሚታገድ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ መንጃ ፈቃድ። የሚታገድበትም ጠጥቶ የነዳ ወይ ሰው የገጨ ነው። አባቷ እንኳን ሊታገዱ፣ ተቆጥተው ጥሩንባ ነፍተው አያውቁም።

ደወለችላቸው።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ምን እሆናለሁ።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ መልሳቸው ይኸው ነው። ድሮ «አለን!» ነበር የሚሉት፣ ለሁለት ሰው በሚበቃ ድምፅ። ወረቀቱን በስልክ ልታስረዳቸው ሞከረች፤ እሳቸውም «እሺ፣ እሺ» አሉ። የአባቷን እሺ ታውቀዋለች፣ እምቢ ማለት ነው።

«ሞቼ ከሆነ ይንገሩኝና ልረፍ» አሉ በመጨረሻ። «ካልሞትኩ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው የሚያግዱኝ?» ስልኩም ተዘጋ።

መሄድ ትችል ነበር። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ግን ከእናቷ ቀብር ወዲህ እዚያ ቤት አልረገጠችም፣ ምክንያትም አጥታ አታውቅም፤ ዛሬ የዕቃ ቆጠራ፣ ነገ የፈቃድ እድሳት። ገንዘቡንና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ግን አንድም ወር ሳታጓድል ትልካለች፤ ልብስ ሰፊዋም በየቀኑ አንገቷን ታስገባለች። ይህ ይበቃል ብላ ራሷን አሳምናለች።

ስለዚህ ልትጽፍላቸው ቆረጠች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ አባቷም ወረቀት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ «የማስታወቂያው ዓላማ» ብላ ጀመረችና በራሷ ሳቀች። የቢሮው የአክስት ልጅ ሆና አረፈችው! ለደንበኛ «ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ» ብላ አታውቅም፤ «ቁርስ ስትበሉ፣ ምሳ ስትበሉ፣ እራት ስትበሉ» ነው የምትለው። ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችና እንደገና ጻፈች።

«አባዬ፣

ይህ ወረቀት ክስ አይደለም። ምንም አላጠፋህም። ለጡረተኛ ሁሉ ነው የተላከው፤ አለቃህ ለነበረውም ደርሶታል፣ ሂድና ጠይቀው።

አውቶቡስህን በየዓመቱ ለምርመራ ትወስደው አልነበር? ስለገጨ ነው? አይደለም። ደህናውም መኪና ይታያል፣ ቦሎ ይለጠፍለታል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዘንድሮ ቦሎው ለሰው መጣ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ለምን መሰለህ? አንዳንዱ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ዝም ብሎ ጡረታውን ይበላል። ቢሮው ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አያይም። ስለዚህ አለህ ወይ ይልሃል፣ አንተ አለሁ ትላለህ። በቃ።

ይታገዳል ያሉት እንደ መንጃ ፈቃዱ አይደለም። ቀይ መብራት በለው። ሳትቀርብ ወሩ ቢያልቅ ገንዘቡ ይቆማል እንጂ አይጠፋም፤ የቀረብህ ጊዜ አረንጓዴ ይበራል፣ የቆመውም ተደምሮ ይከፈልሃል። ግን እስኪበራ በምን ትኖራለህ? ሳይቀላብህ ሂድ።

መታወቂያህንና የጡረታ ደብተርህን ያዝ። ክፍያ የለውም፤ በስልክ ደውሎ ገንዘብ ወይ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅህ ካለ ሌባ ነው፣ ዝጋበት። እኔ ልሂድልህ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን በውክልና አይቻልም ይላል። መኖርህን ካንተ በቀር ማንም አይመሰክርልህም።

ልጅህ።»

ደብዳቤውን ወደዚያ ለሚሄድ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠችው። ለማን እንደሆነ ሲሰማ የመላኪያ ሒሳብ አልቀበልም አለ። «የጋሽ ፍሬንን ወረቀት በገንዘብ ካደረስኩማ መሪው ይክዳኝ» አላት።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በራሳቸው ደውለው የማያውቁት አባቷ ደወሉ።

«አባዬ! ምን ሆንክ? እንዴት ነህ?»

«አለሁ!» አሉ። ድምፃቸው መደርደሪያውን የሚያናውጥ ይመስላል። «አሁን እኮ በማኅተም ነው ያለሁት!»

ኮታቸውን ለብሰው ሄደው ነበር። ወረፋው ላይ አንዲት አሮጊት ሞተሻል አሉኝ ብለው ሲያለቅሱ አባቷ ደብዳቤውን አውጥተው አነበቡላቸው። የቦሎው ነገር ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ሳቁ፣ ከኋላ የነበሩትም «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት» አሉ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ጸሐፊዋ መታወቂያውን አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ አስፈረመቻቸው።

«'አሉ አባቴ?' አለችኝ እየሳቀች። 'አለሁ' አልኳት። ማኅተሙን ዷ አድርጋ መታችው።»

ልጅቱ ደስታው እንባ ሆኖባት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። መድኃኒት ይጠብቁ የነበሩ አንድ ደንበኛ በጨዋነት ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

«ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት» አሉ አባቷ ረጋ ብለው። «ሁሉም ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን አላስረዳሽኝም።»

«ምኑን?»

«አንቺስ አለሽ? ገንዘቡ ይመጣል፣ ክኒኑ ይመጣል፣ ልብስ ሰፊዋ ትመጣለች። ሁሉም ካንቺ ነው የመጣነው ይላሉ። የጻፍሽልኝ ደንብ ግን በውክልና አይቻልም ነው የሚለው።»

ምክንያቶቿ ሁሉ፣ ቆጠራውም እድሳቱም፣ ከአፏ ሳይደርሱ አፈሩ።

«ባልቀርብስ ምን ይታገዳል?» አለች ለመቀለድ ያህል።

«ምንም አይታገድም። እኔ ፍሬን ይዤ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

የደንበኛውን መድኃኒት አዘጋጅታ፣ አወሳሰዱን በደንብ አስረድታ ሸኘቻቸው። ከዚያ ከደብዳቤው የተረፈውን ወረቀት አወጣችና በትልልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው።

«አለሁ። እስከ ሰኞ ግን አባቴ ጋ ነኝ።»