ሳይተረጎም የቀረ ቃል

ኂሩት የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም። አውቶቡስ ላይ የተረሳ ጃንጥላ እንኳ ብታገኝ ለሾፌሩ አስረክባ የምትወርድ ሰው ናት። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰርቅ ክፉ ነው፤ ስርቆቱን በስሙ አይጠራውማ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ጠዋት ሆቴል ውስጥ እንግዳ እየተቀበለች፣ ከሰዓት እየተማረች፣ የማስተርስ ጽሑፏ ላይ ደርሳ ነበር። ርዕሷ በደርግ ዘመን ለንደን የገቡ ስደተኞች ወደ አገር ቤት ይጽፉት የነበረው ደብዳቤ ነው። ዘጠኝ ሰው አነጋገረች፣ የፈቃድ ቅጽ አስፈረመች፣ ድምፃቸውን ቀድታ ቃል በቃል ገለበጠች። እስከዚህ ድረስ እንከን አይወጣላትም። አማካሪዋ ቤንጃሚን ግን ሦስቱን ምዕራፎች አንብቦ ሲያበቃ «ሰዎቹ ያሉትን በደንብ ነግረሽኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። ኂሩት የምትለው አልነበራትም።

ያን ሰሞን ነው እዚያው ለንደን ባተርሲ ሰፈር ወዳሉት ወደ ጋሽ ኪዳነወልድ የሄደችው። ጋሽ ኪዳነወልድ ሰማንያን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ አገር ቤት የታሪክ መምህር የነበሩ፣ ለንደን ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የሆስፒታል ወለል ያጸዱ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ከሶልያና ጋር ይኖራሉ። ድሮ፣ ጉልበት ሳላቸው፣ ከሥራ መልስ የስደተኛውን በር እያንኳኩ ስለ ደብዳቤ ሲጠይቁ ኖረው ሁለት ወፍራም ደብተር ሞልተዋል። አሳታሚ አልፈለጉም፤ የሚፈልግላቸውም አልተገኘም።

ደብተሩ ሥርዓት ነበረው። ሰው የነገራቸውን ሲጽፉ በኅዳጉ ላይ በቀይ የነጋሪውን ስም፣ ሰፈሩንና ቀኑን ያሰፍራሉ። ራሳቸው ያሰቡትን ሲጽፉ ደግሞ በሰማያዊ «የራሴ» ብለው ቀኑን ያስከትላሉ። የሰውን ነገር የራሳቸው አያስመስሉም፤ የራሳቸውንም በሰው አፍ አያስነግሩም።

«ጋሼ፣ ወስጄ ላንብበው?» አለቻቸው።

«ይሄም ይጠየቃል? ያንቺው ነው፣ ልጄ።»

ይህ እንግዲህ የእኛ ሰው ወግ ነው። ኮትህ ያምራል ሲሉት «ያንተው ነው» ይላል፤ ኮቱን አስወልቆ የሚሄድ ግን የለም። ኂሩት ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሲቸግራት ግን ያቺን የትሕትና ቃል እንደ ውል ያዘቻት። ሁለቱንም ደብተር ገጽ በገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታ መለሰችላቸው።

የፈለገችው በሁለተኛው ደብተር አሥራ አንድ ገጽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስደተኛው በደብዳቤ የሚዋሸው ዘመዶቹን ለማታለል ብቻ አይደለም ይላሉ ጋሽ ኪዳነወልድ። ወረቀቱ ላይ ሥራ ያለው፣ የጠገበ፣ የማይከፋው ሰው ይፈጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው እንዳያሳፍር ሲል ቀን ከሌሊት ይለፋል። በደብዳቤው ውስጥ ያለው ጌታ ይሆናል፣ የጻፈው አሽከር።

ኂሩት ይህን ስታነብ መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ቀናች። ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንዱንም ገጽ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችውና አራተኛ ምዕራፍ አደረገችው። በመካከሉ የራሷን ዘጠኝ ሰዎች ንግግር አስገባችበት፤ ልክ ለእነሱ የተሰፋ ልብስ መሰለ። በየአንቀጹ ራስጌ ላይ የነበረችውን «የራሴ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሳትተረጉም አለፈች። ጋሽ ኪዳነወልድንም አልረሳቻቸውም፤ ምስጋናው ገጽ ላይ «ስላበረታቱኝ» ብላ ስማቸውን ጻፈች። ከዚህ የባሰ ዓይነ ደረቅነት እኔ አላውቅም።

ስታስገባ «ይህ ሥራ የራሴ ነው፤ ከሌላ የወሰድኩትን ሁሉ ምንጭ ጠቅሻለሁ» የምትለዋ ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች። ጽሑፉን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክረው ፕሮግራም አምስት በመቶ ተመሳሳይነት አገኘ፤ እሱም የዋቢ ዝርዝሩ ነበር። ፕሮግራሙ ቃልን ከቃል እንጂ ሐሳብን ከሐሳብ አያስተያይም፤ ባተርሲ መሳቢያ ውስጥ ያለ የአማርኛ ደብተር ደግሞ ከየት አባቱ ያገኘዋል? ሰባ አራት አገኘች፤ በእንግሊዝ ከሰባ በላይ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። ቤንጃሚን አራተኛውን ምዕራፍ «በዚህ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ የራሱ ሐሳብ ያለው» አለው። ለሚቀጥለው መስከረምም ወጪዋ ተሸፍኖ ዶክትሬት እንድትማር ቦታ ተሰጣት።

የካቲት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኪልበርን ሰፈር ባለው አዳራሽ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ጥናቷን በአማርኛ እንድታቀርብ ጋበዟት። እምቢ ማለት ነበረባት፤ ግን ምን ምክንያት ትስጥ? የጋሽ ኪዳነወልድን ሐሳብ ከእንግሊዝኛው መልሳ ወደ አማርኛ አመጣችው። ሰዉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላል። ቀና ስትል ጋሽ ኪዳነወልድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ለጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ እሳቸው ተነሡ። አለቀልኝ አለች ኂሩት በልቧ።

«እኔ ይህን ነገር ራሴ ያሰብኩት ይመስለኝ ነበር» አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ። «የራሴ ነው ብዬ ለሐኪሜም ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ‹መርሳት ጀምረዋል፣ ያልሆነውንም እንደሆነ አድርገው ሊያስታውሱ ይችላሉ› ብሎኛል። ለካ ይሄም ከዚህች ልጅ የሰማሁት ኖሯል። ባለቤቷን ሳልጠቅስ ሳወራ በመክረሜ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኂሩት ዝምታ ግን እዚያው መድረክ ላይ ቆማ ሳለች ነቀዘ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። አላለቻትም። ወርዳ ትከሻቸውን ሳመቻቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶልያና ደወለችላት።

«ኂሩትዬ፣ አባዬን መጥተሽ ብታዪው? ያንን ኦልድ ደብተር ይዞ ቀኑን ሙሉ ኤዲት ያደርጋል። አይ ዶንት ኖው፣ ያንቺ ነገር ነው ይላል።»

ቅዳሜ ሄደች። ጋሽ ኪዳነወልድ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። በሰማያዊ የተጻፈው «የራሴ» በየገጹ ተሰርዞ፣ በጎኑ በቀይ «ነጋሪ፦ ኂሩት» ተብሏል።

«አርሜዋለሁ» አሏት። «ሳልሞት መታረም አለበት። ሰው ሌባ ነበር እንዲለኝ አልፈልግም።»

«ጋሼ…» አለች።

«ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። እዚህ ላይ የጻፍኩት ቀን አንቺን ከማወቄ በፊት ነው። የሌላውንም ገጽ ቀን ተሳስቼ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ደብተር አይታመንም ማለት ነው።» ደብተሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ያ ሁሉ ሰው የነገረኝም ይኼኔ አልነገረኝ ይሆናል።»

ኂሩት ሽንት ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባ ተሰናብታ ወጣች። ክላፋም ጣቢያ ባቡር ስትጠብቅ ስልኳን አወጣች። «የራሴ» የሚለው ሳይሰረዝ የሚታየው እዚያ ባሉት ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው። እነሱን ብታጠፋ በዚህ ዓለም ላይ የሚመሰክርባት የለም፤ የተሰረቁት ሰው ራሳቸው በእጃቸው ጽፈው ነጻ አውጥተዋታል። ከእንግዲህ የሚይዛት አይኖርም። እስከዚያ ቀን ድረስ የምትፈራው መያዝን ይመስላት ነበር፤ ፍርሃቱ ሲሄድ ግን የቀረው ነገር ከፍርሃቱ የከበደ ሆነ። ደብተራቸው ቤታቸው ነው፣ ምን ጎደለባቸው እያለች ነበር የከረመችው። አሁን የጎደለውን አየችው። ሰውየው አእምሮአቸው እየከዳቸው ሳለ፣ ልክ የነበረውን ገጽ ስህተት ነው ብለው እንዲሰርዙ አድርጋቸዋለች።

በማግስቱ ያደረገችውን ሁሉ ለቤንጃሚን ጻፈች። ቢሮው ሲቀበላት ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኛ መቼም አናገኘውም ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

ጉዳዩ ሦስት ሰዎች ያሉበት የዲሲፕሊን ጉባኤ ዘንድ ቀረበ። ኂሩት አሥራ አንዱን ፎቶ በግራ፣ ምዕራፏን በቀኝ አድርጋ መስመር ለመስመር አሰናድታ አቀረበች። ከሦስቱ አንዷ በርኅራኄ «ባለቤቱ ደብተሩን ውሰጂው ብለውሽ የለ? ፈቃድ ነበረሽ ማለት አይደለም?» ብላ መውጫ ከፈተችላት።

«ቢፈቅዱልኝም የፈቀዱት እንዳነበው ነው» አለች ኂሩት። «እኔ ያሰብኩት ነው ብዬ ለእናንተ እንድዋሽ ሊፈቅዱልኝ አይችሉም። ያ የሳቸው አይደለም፣ የሚሰጡት።»

ጽሑፉ ዜሮ ተሰጠው። ማስተርሱ ተወስዶባት፣ ክፍል ገብታ ላለፈቻቸው ኮርሶች ዲፕሎማ ብቻ ቀረላት። የዶክትሬቱ ቦታ ተሰረዘ፣ ጽሑፏም ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣ። የሆቴል ባልደረቦቿ ራስሽ ላይ መስክረሽ? ብለው ጅል አደረጓት።

የጉባኤው የውሳኔ ደብዳቤ በደረሳት ቅዳሜ ባተርሲ ሄዳ ለሶልያና አስቀድማ ነገረቻት። ሶልያና አየቻትና በሩን ከፈተችላት። ጋሽ ኪዳነወልድ ግን አላመኗትም።

«ለእኔ አዝነሽ ነው» አሉ። «ሽማግሌ አይከፋው ብለሽ ነው።»

«አይደለም፣ ጋሼ። ሐሳቡ የእርስዎ ነው። እኔ ሰርቄዎት ነው።»

«ማስረጃ?» አሉ፤ የመምህርነት ድምፃቸው ነበር።

ፎቶዎቹን አሳየቻቸው። ከዚያ በገጹ ላይ ያለውን ቀን በጣቷ ጠቆመች፤ ጥር 1981። «እኔ የተወለድኩት በ1983 ነው» አለች። «እንዴት አድርጌ ልነግርዎት እችላለሁ?»

ጋሽ ኪዳነወልድ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡ።

«ቃሉንስ ውሰጂው፣ ቃል ምን አለው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን ይኸው ስንት ወር፣ ጭንቅላቴ ሄዷል ብዬ ሌሊት ሌሊት የልጆቼን ስም እየቆጠርኩ ሳድር ከረምኩ። ለምን እንዲህ አደረግሽኝ?»

ኂሩት ተንበርክካ እግራቸውን ስትይዝ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ አልሰደቧትም፣ ይቅርም አላሏትም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስክትወጣ ድረስ አልተመለሱም።

በሳምንቱ ሶልያና ደወለችላት። «ፎርጌት አድርጎታል» አለች፤ ድምፅዋ ደርቋል። «ለነርሷ ደብተሩን እያሳየ የኂሩት ነው ሲላት ነበር። እኔ ብነግረው አያምነኝም። አንቺ ነሽ መንገር ያለብሽ።»

ኂሩት ቅዳሜ ሄደች። ጋሽ ኪዳነወልድ ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ብድግ ብለው ወንበር ሳቡላት።

«ነይ ልጄ፣ ነይ! ስለዚያ ስለ ጌታና አሽከሩ ሐሳብሽ ሳስብ ነው የከረምኩት። እንደው እንዴት መጣልሽ?»

ኂሩት ስልኳ ላይ ፎቶዎቹን ከፈተችና ከጎናቸው ተቀመጠች።