ቀዳዳ የሌላት ደብዳቤ

ሰኪና አሰላ ዳር ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ናት። ሰው መቅጠር አያስጨንቃትም። ለተቀጠረ ሰው ምን ተብሎ ቢጻፍለት ያምርበታል፤ ፊደሉን ብትገድፉበት እንኳን ስቆ ነው የሚያልፈው። ጣጣው ያለው ላልተቀጠረው በሚጻፈው ላይ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ሥራ ተከለከለ ብሎ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ ይልካል! ሽማግሌ ለትዳርና ለጠብ ብቻ የሚመስለው ካለ አርሲን አያውቃትም።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ከዲሮ፣ አንጀታቸው የማይችል ሰውዬ፣ ለአንድ ሾፌር በገዛ እጃቸው መልስ ጻፉለት። «ልምድዎ ትንሽ ስላነሰ ለጊዜው አልተሳካም» አሉት። ደግ ቃል መስሏቸው እኮ ነው! ሾፌሩ ከበቆጂ ሦስት ሽማግሌ ይዞ መጣ። «ትንሽ ነው ያነሰው ብላችኋል፤ ትንሿን እናንተ ሙሉለት። ለጊዜው ብላችኋል፤ ጊዜው ይኸው ደረሰ» ብለው ምሳ ሰዓት ድረስ ቢሮው ውስጥ ተቀመጡ። ኦቦ ከዲሮ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን ሁሉ ለሰኪና ተዉላት።

ዘንድሮ የወጣው ቦታ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ መክሊት ናት። መክሊት ማለት የጎረቤቷ የጋሽ እንደሻው ልጅ፣ ሰኪና እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ ለዒድ ከሰኪና ቤት የማትጠፋ፣ ለፋሲካ ደግሞ ሰኪናን ሳትጠራ የማትውል ልጅ። ሰኪና ይህን ለኦቦ ከዲሮ ነግራ ከፈታኞቹ ራሷን አወጣች። ፈታኞቹም መክሊትን ሁለተኛ አደረጓት። አንደኛ የወጣው ሚፍታ የሚባል ልጅ ነው።

ሚፍታ ደግሞ ገና አልፈረመም። እስኪፈርም ድረስ ለሌሎቹ ምንም አይነገርም፤ ልጁ ሐሳቡን ቢቀይር ተራው የሁለተኛዋ ነውና። ይህ ደንብ ነው፤ ሰኪናም ደንብ አታፈርስም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ረቡዕ ጠዋት መክሊት ባጃጅ ተራ አገኘቻት።

«ሰኪዬ! ሁሩታ ያለው የገበሬዎች ማኅበር ዘር እንድመረምርላቸው ጠራኝ እኮ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ መቼ ትሄጃለሽ?»

«እስከ ዓርብ አሳውቂን ብለውኛል። ግን የእናንተን ሳላውቅ ምን ልበላቸው? አባዬም ብቻውን ነው። አንቺ እያለሽ ደግሞ ሁሩታ ምን አስኬደኝ?»

ሰኪና ምን ትበላት? ሂጂ ብትላት ምስጢር ማውጣት ነው፤ ቆዪ ብትላት ደግሞ ዕዳ ነው። «እኔን አትጠብቂ፤ ሁሉም በመልሱ ይታወቃል» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። መክሊት ግን ፈገግ አለች። የፈለገችውን ሰምታ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊያስፈግጋት!

ሐሙስ ጠዋት ሚፍታ መጥቶ ፈረመ። ሰኪናም ወዲያው ለቀሩት መጻፍ ጀመረች። ለሌሎቹ እጇ አልተያዘም። መክሊት ላይ ስትደርስ ግን ያ ሁሉ ጥንካሬዋ የት እንደገባ እንጃ! «በጥቂት ነጥብ ተበልጠሽ ነው» ብላ ጻፈችና ደለዘችው፤ ስንት ነጥብ ነው ተብሎ ይመጣላ። «ብቃትሽ የሚያስደንቅ ነው» አለች፤ እሱንም ደለዘችው፤ ታዲያ ለምን አልቀጠራችኋትም ሊባል ነው። መጨረሻ ላይ «ወደፊት እናስብሻለን» የምትል አንዲት መስመር ጨመረችና ልቧ እፎይ አለ። ደስ የምትል መስመር ነበረች።

ኦቦ ከዲሮ ገብተው ከኋላዋ ቆመው አነበቡ። «ጎሽ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ጥሩ ናት» አሉ።

እሳቸው ጥሩ ናት ካሉማ ነገር አለ! ሰኪና ደንገጥ ብላ እንደገና አነበበቻት። ወደፊት የሚከፈት ቦታ አለ ወይ? የለም። መክሊት ይቺን መስመር ይዛ ምን ታደርጋለች? ትጠብቃለች። ዓርብ ያልፋል፤ ሁሩታ ሌላ ሰው ይቀጥራል፤ ልጅቷም እቤት ቁጭ ብላ «ሰኪዬ ታስበኛለች» ትላለች። ሰኪና መስመሯን ስታጠፋት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የቀረችው ይቺ ብቻ ናት፦

«ወይዘሪት መክሊት እንደሻው፤ ለጥራት ተቆጣጣሪነት ስለተወዳደሩና ለፈተናውና ለቃለ መጠይቁ ጊዜዎን ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን። ለቦታው ሌላ ተወዳዳሪ መርጠናል፤ ቅጥሩም ተጠናቋል። በሚሄዱበት የሥራ መንገድ ሁሉ መልካሙን እንመኝልዎታለን።»

«ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል ልትጨምር አስባ ነበር፤ የፍርድ ቤት ስለመሰላት ተወችው። ቅጥሩ ተጠናቋል ካሉ ምን ቀረ? ፈርማ ከምሳ በፊት ላከችላት።

መክሊት አልደወለችም። ዓርብም ድምጿ ጠፋ። ቅዳሜና እሁድ ሰኪና በአጥር በኩል ሰላም ብትልም የሚመልስላት አላገኘችም። ኧረ እንዲህም አለ! ያቺ ልጅ ሰላምታ ነፈገቻት። ሰኪና የሥራውን ነገር እርግፍ አድርጋ ረሳችው፤ ልጄን አጣኋት ብላ ሆድ ባሳት፤ ምግብም አልበላ አላት።

ሰኞ የጥበቃው ሠራተኛ ደወለ። «ሽማግሌዎች መጥተዋል» አለ።

ሰኪና ክው አለች። ጋሽ እንደሻው ከፊት፣ ለሾፌሩም መጥተው የነበሩት ኦቦ ቱሳና ሌላ አንድ አዛውንት ከኋላ ሆነው ገቡ። ኦቦ ከዲሮ ሽማግሌዎቹን በመስኮት እንዳዩ መጋዘን የሚያስኬድ ሥራ ትዝ አላቸው።

«ጋሽ እንደሻው፣ ይቀመጡ እባክዎ። ግን የዚያ ቦታ ጉዳይ...»

«ተይው ሰኪናዬ» አሉ ጋሽ እንደሻው፣ ደብዳቤዋን ከኪሳቸው እያወጡ። «ይቺን ወረቀት ሦስታችንም አነበብናት። ኦቦ ቱሳ ደግሞ ሁለቴ። መግቢያ ቀዳዳ አጣንላት።»

«ምንም የላትም» አሉ ኦቦ ቱሳ፤ ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። «የሾፌሩ ትሻል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተቸገራችሁ?»

«ለሥራው አይደለም። ልጅቷ ሐሙስ ማታ ደብዳቤውን ይዛ ስታለቅስ አመሸች፤ ዓርብ በጠዋት ሁሩታ ሄዳ ተቀጠረች። ለእኔ አንዲት ቃል እንኳን አልጨመረችልኝም ብላ ካንቺ ጋር ኩርፊያ ይዛለች። ነገ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። ተኮራርፋችሁ ስትለያዩ ዝም ብለን እንይ? ልናስታርቃችሁ ነው የመጣነው።»

«ጨምሬላት ነበር» አለች ሰኪና። «ወደፊት እናስብሻለን የሚል ጽፌላት ነበር። አጠፋሁት።»

በሩ ተከፈተ። መክሊት ናት፤ ዓይኗ አብጧል፤ ውጭ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሽማግሌዎቹ ገና ወጋቸውን ሳይጀምሩ ሰኪና አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ለምን አጠፋሽው?» አለቻት እያለቀሰች።

«ባላጠፋው ሁሩታ ትሄጂ ነበር?»

መክሊት አንገቷን ለቀቀችና ደብዳቤዋን ከአባቷ እጅ ወሰደች።

«አልሄድም ነበር» አለች። «እጠብቅሽ ነበር።»