ሐሙስ ከሰዓት የእማማ ሺዩ ነው

ባኦዩን ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ይህን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ነበረች። የሩዝ ኬክ ሱቋ ደንበኞች ቢያንስ አራት እጅ ያላት ይመስላቸዋል። ሩዙን የምትዘፈዝፈው እሷ፣ የምትፈጨው እሷ፣ ቀዩን ሊጥ በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቃ የኤሊ ጀርባ የምታስመስለው እሷ፣ በሙዝ ቅጠል ላይ አድርጋ በእንፋሎት የምታበስለው እሷ፣ የምትሸጠው፣ ስልክ የምታነሳው፣ ከቅጠል ነጋዴው ጋር የምትጨቃጨቀው፣ የጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ በጠረጴዛ ሥር የምትንበረከከው እሷው ናት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ባሏ ከሞተ በኋላም ቢሆን አማቷ እማማ ሺዩ ነበሩላት። ሱቁን አርባ ዓመት ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ከስድስት ወር በፊት ግን ደጃፉ ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነበር። የቀረው መራመድ ነው፤ መራመድ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒክ ሄዶ በብረት መደገፊያ መካከል መለማመድ ይጠይቃል።

ባለፈው ሐሙስ አልሄዱም። ሱቁ ሞልቶ ነበር። የክሊኒኩ ባለሙያ በስልክ፣ በትህትና፣ «አንድ ጊዜ ምንም አይደለም። ሁለተኛ ከቀሩ ግን ተራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ብዙ ሰው እየጠበቀ ነው። ደግሞ እማማ አሁን ካልተራመዱ ተሽከርካሪ ወንበሩን ይለምዱታል» አለቻት።

ባኦዩን ስልኩን ዘግታ እንደቆመች ቀረች። ልጇ ፔይሩ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚያው አገኘቻት። ፔይሩ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ከእሷ አሥር ዓመት ይበልጣል።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ሳምንት የለሽም» አለች ሁኔታውን ስትሰማ። «ያለሽ አንድ በጣም ረጅም ማክሰኞ ነው።»

ትልቅ ወረቀትና አራት ቀለም አወጣች።

«ጠዋቱ የእንፋሎት ነው፤ አልነካውም። የምናከፋፍለው ከሰዓቱን ነው። ማክሰኞ ቀይ፦ ሽያጭ።»

«በየቀኑ እሸጥ የለ እንዴ?»

«እሱ ሽያጭ አይደለም፣ ገዢ መጠበቅ ነው። ማክሰኞ ናሙና በሳጥን ይዘሽ ሻይ ቤቶችና ቁርስ ቤቶች ትዞሪያለሽ። ረቡዕ አረንጓዴ፦ ገንዘብ። ደረሰኝ፣ ሒሳብ፣ አንዱ ኬክ ስንት እንደሚያስወጣን። ዓርብ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰማያዊ፦ የሚመጣውን ሳምንት ማቀድ። በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ ሩዝ፣ ስንት ቅጠል።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ላስብ?»

«አዎ። አንዳንድ ሰዎች ያደርጉታል፤ አይገድልም። ሰኞ ዝግ ነን፣ ሐሙስ ደግሞ ከሰዓት እንዘጋለን፤ ሁለቱም ቢጫ፦ የእማማ እግር። ቅዳሜና እሁድ ሰልፍ ነው፣ ማንም አያስብም።»

ወረቀቱን የምትሰቅልበት ስታጣ በግድግዳው ላይ ወዳለችው ብቸኛ ምስማር ሄደች። እዚያ የተንጠለጠለው በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚቀደደው ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ በትልቁ የወሩ ቀን፣ ከሥሩ በትንሹ የጨረቃው ቀን የተጻፈበት። ወረቀቱን በላዩ ሰቀለችው።

«የእኔን ሸፈናችሁት» አሉ እማማ ሺዩ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ። ያንን ቅጠል በየማለዳው የሚቀድዱትና የጨረቃውን ቀን የሚከታተሉት እሳቸው ነበሩ።

«ስልክ ላይ አለ፣ እማማ» አለች ፔይሩ።

እማማ ሺዩ ስልክን እንደ ሰነፍ ጎረቤት አዩት።

የመጀመሪያው ሳምንት አማረ። ማክሰኞ ሁለት ቁርስ ቤቶችና አንድ ሻይ ቤት ኬክ ሊወስዱ ተስማሙ። ረቡዕ ባኦዩን ኦቾሎኒ ያለበት ኬክ ያለ ትርፍ ሲሸጥ መክረሙን ደረሰችበት። ሐሙስ እማማ ሺዩ በብረቶቹ መካከል ሁለት እርምጃ ሄደው፣ «ይሄ የሕፃን ሥራ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ባኦዩን ሰማያዊውን እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። በዘጠኝ ከአምስት ጋሽ ፋንግ ገቡ። ከመንገዱ ማዶ አምፖል የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ኬክ ገዙና ስለ ምራታቸው አንድ ሰዓት አወሩ። ከእሳቸው በኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ሽያጭ በር ያንኳኳል። ገንዘብም ሲጎድል ሆድ ይቆርጣል። እቅድ ግን ውኃ እንኳ የማይጠይቅ እንግዳ ነው፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሲረሱትም አይቀየምም። ሰማያዊው ቦታ ባዶውን አደረ። ባኦዩን ለሚቀጥለው ሳምንት የለመደችውን ያህል ሩዝ አዘዘች።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ኬኩ ገና በአራት ሰዓት አለቀ። ባኦዩን ፊቷ ፈካ።

«አየሽ፣ የማክሰኞው ዙረት መሥራት ጀመረ» አለቻት ማታ ለፔይሩ። በአረንጓዴውም ሥር ይህንኑ በደስታ ጻፈች። እማማ ሺዩ ሾርባቸውን እየጠጡ ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መዝጊያውን ወደ ላይ ስትገፋ ሰልፉ እስከ ጋሽ ፋንግ ደጅ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ሃያ ኬክ አለ። ሁለተኛዋ ሠላሳ።

«ምን ተገኘ ዛሬ?» አለች ባኦዩን።

ጋሽ ፋንግ ከሰልፉ መካከል ሳቁ። «ምን ተገኘ ትላለች እንዴ። አሥራ ስድስት ነዋ።»

ባኦዩን ዞራ የተሸፈነውን ቀን መቁጠሪያ አየች። በጨረቃው ወር ሁለተኛና አሥራ ስድስተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ በደጁ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለአማልክቱ ምግብ ያቀርባል፤ ያለ ቀዩ የኤሊ ኬክ የሚዘረጋ ጠረጴዛ የለም። የትናንቱም፣ እንደ አንደኛው ቀን ሁሉ፣ በየቤቱ የሚቀርብበት አሥራ አምስተኛው ቀን ነበር። እሷ ግን በራሷ ጉብዝና ያገኘችው መስሏት ጽፋዋለች። እነዚህ ሰዎች ቀድመው አያዝዙም። አርባ ዓመት እንዲሁ መጥተዋል፤ አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች ብለው ነዋ።

የነበራት መቶ ሃያ ኬክ ነው። የሚያስፈልጋት አራት መቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መደርደሪያው ባዶ ሆነ።

«ከሰዓት ታደርሺልናለሽ?» አሉ ባዶ እጃቸውን የቀሩት ጋሽ ፋንግ። «እኔ ጠረጴዛዬን የምዘረጋው በአሥር ሰዓት ነው።»

«ልሞክር።»

ሩዙን በሙቅ ውኃ ዘፈዘፈችው፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ እንደሚያድረው ባይሆንም ያስኬዳል። ፈጭታ፣ በድንጋይ ተጭና ውኃውን አውጥታ፣ ሠርታ አብስላ ለዘጠኝ ተኩል ትደርሳለች። ክሊኒኩ ግን በስምንት ሰዓት ነው። ዛሬ ያጣቻቸው ሰዎች የቀጣዩን መንገድ ኬክ ቤት ከለመዱ አይመለሱም። ክሊኒኩ ደግሞ ሁለተኛ መቅረት አይታገስም። ሰባት ሰዓት ሲሆን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን አነሳች።

የወንበር ጎማ ድምፅ ሰማችና ዞረች። እማማ ሺዩ ከጓዳ ወጥተዋል። ፀጉራቸውን አበጥረዋል። ግራጫ ሱሪያቸውን ለብሰዋል። እግራቸው ላይ ክሊኒክ የሚሄዱበት ጫማ አለ፤ ማሰሪያው ጠማማ ነው፣ ራሳቸው ናቸው ያሰሩት።

«ለእነሱ ልትደውዪ ነው» አሉ።

«ዛሬ ብቻ፣ እማማ። እለምናቸዋለሁ። አሥራ ስድስት መሆኑን ረስቼ...»

«እኔ አልረሳሁም።»

ባኦዩን ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች።

«ሸፈናችሁብኝ እንጂ አልጠፋብኝም። በጣቴ ስቆጥር ነው የሰነበትኩት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

እማማ ሺዩ ጫማቸውን አዩ።

«ብነግርሽ ሌሊቱን ስትዘፈዝፊ አድረሽ ሐሙስን ትሰርዢው ነበር። እንደዚያኛው ጊዜ። ልክም ነሽ፣ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እሰርዘው ነበር» አሉና ድምፃቸው ቀነሰ። «ግን መሄድ ፈለግሁ፣ ልጄ። ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ እኮ።»

ባኦዩን ተንበረከከችና የጫማውን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረችው፣ በደንብ። ከዚያ ተነስታ ከተዘፈዘፈው ሩዝ ሙቁን ውኃ ደፋች፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላችበትና ለነገ እንዲሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባችው። ከልቧ የሆነ ነገር አብሮ የተደፋ መሰላት፤ ቢሆንም ወጥታ ጋሽ ፋንግን ጠራች።

«ጋሼ፣ አላደርስም። ከቀጣዩ መንገድ ይግዙ፣ ቶሎ ከሄዱ ያገኛሉ። ለሌሎቹም ይንገሩልኝ።»

«ከእነዚያ? የእነሱ እኮ ኤሊ አይደለም፣ ድንች ነው የሚመስለው።»

«ዛሬ አማልክቱ ድንች ይቀበላሉ።»

«እኔ ብለምደውስ?»

«እሱ የእርስዎ ፈንታ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ግን የእማማ ነው።»

ጋሽ ፋንግ የእማማ ሺዩን ጫማ አዩ። ታክሲም ጠሩ፤ ወንበሩንም አጣጥፈው እየተነጫነጩ ከኋላ ጫኑላቸው።

ያን ቀን እማማ ሺዩ አምስት እርምጃ ሄዱ። ሲመለሱ በየደጁ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፍራፍሬው ተደርድሯል፣ ከመካከሉ የሌላ ሰው ኬክ። ባኦዩን በታክሲው መስኮት እያየች ትቆጥራቸው ነበር።

«እውነትም ድንች» አሉ እማማ ሺዩ፣ እጇንም ያዙ። እስከ ቤት አልለቀቁትም።

በማግሥቱ ዓርብ ፔይሩ አዲስ ምስማር መታች። ቀን መቁጠሪያው ከላይ፣ ወረቀቱ ከሥር ሆነ። በዘጠኝ ሰዓት ባኦዩን ሰማያዊውን ይዛ ተቀመጠች፤ እማማ ሺዩ ከክሊኒኩ የተሰጣቸውን መደገፊያ ይዘው ተነሱና አራት እርምጃ ሄደው ግድግዳው ሥር ቆሙ። ቅጠሎቹን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ።

«የሚመጣው ሳምንት ባዶ ነው፤ የለመድሽው ሩዝ ይበቃል። በሚቀጥለው ግን ሐሙስ የጨረቃው አንድ፣ ዓርብ ሁለት።»

«ዓርብማ ሰማያዊው ነው።»

«በዚያ ሳምንት ረቡዕ ይሁና። ገንዘቡን አሳጥሪው፣ አይሸሽም። ቅጠል ማክሰኞ እዘዢ። የዓርቡን ሩዝ ሐሙስ ማታ ትዘፈዝፊያለሽ።»

«ከክሊኒክ መልስ።»

«ከክሊኒክ መልስ» አሉ እማማ ሺዩ፤ ግድግዳውን እያዩ ነበር የተናገሩት።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ፋንግ በመስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈዋል። «ሁለት ኬክ ብቻ!»

«ዝግ ነው፣ ፋንግ» አሉ እማማ ሺዩ ሳይዞሩ። «እያሰብን ነው።»

«ሁለታችሁም?»

«እኔ እቆጥራለሁ፣ እሷ ታስባለች። ነገ ና።»

ጋሽ ፋንግ የሄዱ ሲመስል ድምፃቸው በበሩ ስንጥቅ ገባ። «እንግዲያው ለሁለተኛው ቀን ሃያ ያዙልኝ። ኤሊ የሚመስለውን።»

በአርባ ዓመት ከዚያ ሰፈር ቀድሞ የታዘዘ የመጀመሪያው ነበር። ባኦዩን በሰማያዊ ጻፈችው። ቀና ስትል እማማ ሺዩ ወደ ወንበራቸው እየተመለሱ ነው፤ አራት እርምጃ። ልትደግፋቸው ተነሳች።

«ተቀመጪ» አሉ። «ሰዓትሽ አላለቀም።»