የአማቴ አፍንጫ

ዛሬ ሰዉ ሽቶ የሚገዛው ስልኩን እያየ ነው። «ይሄ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ይላል፣ መልሱን ግን ከእኔ ሳይሆን ከስልኩ ይጠብቃል። እኔም ነገረኛ ነኝ፣ «ታዲያ ስልክህን ቀባው!» እላለሁ። አማቴ ቢሆኑ እንዲህ አይሉም ነበር። ሱቁ የእሳቸው ነበር፤ እኔ በምራትነት ነው የገባሁበት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደንበኛ እንኳ የሚያባርሩት ፈገግ ብለው ነበር።

ጠባብ ሱቅ ናት። ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ የመስታወት ሣጥን፣ ሲዞር የሚንቋቋ ቬንትሌተር። ከረፋድ ጀምሮ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ወይ ያ ጊዜ! ላባችን እየተንጠባጠበ ስንስቅ ነበር የምንውለው።

አማቴ ለማንም ሰው በመጀመሪያው ሽታ አይሸጡም። እጁ ላይ ይረጩና «በል ፀሐይ ላይ ዞር ዞር ብለህ ከምሳ በኋላ ና» ይላሉ። ሰውየው ከተቆጣ፣ «አሁን የሸተተህ ሰላምታው ነው ልጄ፤ ጠባዩን ገና አላየህም» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ሎሚና ብርቱካን የሚሸተው ሁሉ በሙቀት ቶሎ ይተንናል፤ ቆዳ ላይ የሚያድረው ሰንደሉና ምስኩ ነው።

አንዴ አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ መጥታ፣ «ኮሎኝ ስጡኝ፣ ግን እስከ ማታ የሚቆይ» አለች። አማቴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ኮሎኝማ መዓዛው ትንሽ፣ አልኮሉ ብዙ ነው። ቀጣዩ ፌርማታ ሳትደርሺ ጥሎሽ ይወርዳል። ኦ ደ ቶይሌት የሚለው ትንሽ ይሻላል። ኦ ደ ፓርፋም ከእሱ ይወፍራል። ኤክስትሬ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው፣ ጠብታው ይበቃሻል። ግን በስሙ ብቻ እንዳትታለዪ፤ የሎሚ ፓርፋም ከሰንደል ቶይሌት ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል።»

«ታዲያ ምን ልውሰድ እማማ?»

«የምትውይው ሰው ተጨናንቆ በሚቆምበት ነው። ጣፋጩን ከባዱን ከረጨሽ በዚህ ሙቀት መንገደኛውን ታፍኚዋለሽ። አልኮል የሌለበት የሰንደል ቅባት ውሰጂ፤ ከሩቅ አይጮህም፣ ግን ይቆያል። ገላሽን ታጥበሽ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቢ፣ ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም። ከዚያ የእጅሽ አንጓ ላይና ከጆሮሽ ሥር ነካ ነካ። አንጓሽን አታፋትጊ! ልብስሽም ላይ አታድርሺው፣ ምልክቱ አይለቅም።»

እኔ ግን ከሁሉም የምቀናው በዓይናቸው ነበር። በእሳቸው ምርመራ አስመሳይ ጠርሙስ አያልፍም። ለዚያ ነው ሌላ ሱቅ ሄዶ የተታለለ ሁሉ በመጨረሻ እኛ ጋ የሚመጣው። የሠላሳ ዓመት ስማቸው የቆመው በዚሁ ነበር።

አንድ ቀን፣ እኔ ካገባሁ በሁለተኛው ዓመት መሰለኝ፣ አፈ ቅቤ የምንለው አከፋፋይ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። «እማማ፣ የጽጌረዳዋን ኦ ደ ፓርፋም አመጣሁልዎት፣ ያቺ ጠፍታ የከረመችውን!»

አማቴ መነጽራቸውን አጠለቁ። የላስቲክ መጠቅለያው ጥብቅ ያለ፣ ሙጫ ያልተዝረከረከበት። ማሸጊያ ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና ከጠርሙሱ ሥር ያለው ቁጥር አንድ። ክዳኑ ከበድ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚገጥም። ውስጥ ያለችው ቱቦ ቀጭን፣ የማትታይ፣ ልኳም ያልረዘመ። ፊደሉም አልተዛባም።

«ጠርሙሱ ጨዋ ነው» አሉ። ከዚያ አንጓቸው ላይ ረጩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። «እሰይ! ያው የድሮዋ ጽጌረዳ!»

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አፍንጫዬን የመታኝ ሎሚ ነው! ጥርት ያለ ሎሚ፣ ከኋላው የሚያቃጥል አልኮል። ጽጌረዳ በዚያ በኩል አላለፈችም። እየቀለዱ መስሎኝ አየኋቸው፤ አልቀለዱም።

ያኔ ሁሉም ነገር ፍንትው አለልኝ። ቤት ውስጥ ምግብ ሲያር እኔ እስክጮህ ድረስ ዝም ብለው የሚቀመጡት፣ ደንበኛውን «አንተ ምን ሸተተህ?» እያሉ የሚጠይቁት ለካ ለዚህ ነው። አማቴ አይሸታቸውም።

አፈ ቅቤም ዓይኑ ቁልጭ ቁልጭ አለ። «አዎ እማማ፣ ንጹሕ ጽጌረዳ ናት!» አለ፤ ግን አስተያየቱ ተለወጠ። አንድ ነገር እንደገባው አወቅሁ። ይሄ ወሬ ከሱቃችን ከወጣ በማግስቱ የአስመሳይ ሽቶ ሻጭ ሁሉ በራችን ላይ ይሰለፋል፣ የሠላሳ ዓመቱ ስምም አለቀለት።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እያጨበጨብኩ ሳቅሁ። «ተያዝክ! እማማ እየፈተኑህ እኮ ነው! ሎሚውን ጽጌረዳ ቢሉህ አንተም ጽጌረዳ ነው አልክ። ወይ የምትሸጠውን አታውቅም፣ ወይ ትዋሻለህ። የቱ ነው ወንድሜ?»

አማቴ አንዴ ብቻ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። አንዴ ብቻ! «አፍህ ቅቤ መሆኑን ድሮም አውቃለሁ» አሉት ረጋ ብለው፣ «ዛሬ ግን አንሸራተተህ።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት። ከመርጫው ሥር ያለው ብረት ዙሪያውን በጉጠት ተነክሷል። ጠርሙሱም ሣጥኑም እውነተኛ ናቸው፤ ውስጡ ግን የፊተኛው ሽቶ ካለቀ በኋላ ሌላ ተሞልቶበት፣ ላስቲኩ እንደ አዲስ ተጠቅልሎበታል። ሰውየው ካርቶኑን አንስቶ እየተንተባተበ ወጣ። ቀሪዎቹን ጠርሙሶች እንኳ አላሳየንም።

አማቴ በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። «ሎሚ ነበር?»

«ሎሚ ነበር እማማ።»

«አራት ዓመቴ» አሉ። «ጉንፋን ያዘኝ፣ ጉንፋኑ ሄደ፣ አፍንጫዬ አልተመለሰም። ለልጄም አልነገርኩት። ሽቶ ሻጭ አይሸተኝም ብላ ምን ትበላለች?» እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው አላለቀሱም። ይልቅ ወደ መስኮቱ ሄደው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አመጡ፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የሰጧቸው የሰንደል ቅባት ነው። ሁልጊዜ ለበዓልም ለለቅሶም የሚቀቡት እሱኑ ነበር። ሌላኛውን አንጓቸውን ተቀብተው ዘረጉልኝ።

«ይሄስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

ምነው ምላሴ በተቆረጠ! ቅባቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ስንት ዓመት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲያበስለው ከርሞ፣ ያረጀ የመጥበሻ ዘይት ሆኗል። እኔ በሙሽርነቴ ስመጣም እንዲሁ ነበር፤ የአሮጊት ምርጫ ነው ብዬ በይሉኝታ ዝም አልኩ። ጎረቤቱም እንደዚሁ።

«ተበላሽቷል እማማ። ከመጣሁ ጀምሮ።»

ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። «ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነው ሰላም ሲለኝ የኖረው በይኛ!» እየሳቁ ሳሉ እንባቸው መጣ፤ ብልቃጡን ግን አልጣሉትም፣ ቡሽዋን አጥብቀው ኪሳቸው ከተቱ። «አደራሽን፣ ስለ ሽታ ዳግመኛ አትዋሺኝ» አሉኝ።

አልዋሸኋቸውም። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን፤ እሳቸው በዓይናቸው፣ እኔ በአፍንጫዬ። ላብ ሲሸቱ ላብ፣ ሳሙና ሲሸቱ ሳሙና እያልኩ በየጠዋቱ እነግራቸዋለሁ። «አይ ምራት!» ይሉኝና እንስቃለን። እነዚያን ጠዋቶች ዛሬ በምን ልግዛቸው?

አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ክፍሉ መድኃኒት ይሸታል፣ የታመመ ገላ ይሸታል፣ መስኮቱን ብከፍተውም አልለቀቀም። «ምን እሸታለሁ?» አሉኝ።

«ሰንደል» አልኳቸው።

ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ያ ዓይን ደግሞ ጠርሙስ ብቻ አልነበረም የሚያነበው። «ዋሸሽ» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙት።