ለሩዋይዳ የዞረው ጌይን

ራሄል ካገባች ጀምሮ ድምፅዋን እንደ ነውር ይዛ ኖረች።

ባሏ ወንድምአገኝ አሰላ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ግድግዳውን በፍራሽ ስፖንጅ ለብዶ ስቱዲዮ ከፍቷል። እንጀራው የሱቅ ማስታወቂያ ነው፤ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ ራሱ ያነበዋል። ለዚያ ድምፅ እንዲበቃ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን የፕሪአምፑን ቁልፍ፣ ጌይኑን፣ ከፍ አድርጎ ትቶታል። ራሄል ገና ሙሽራ ሳለች ማይኩ ፊት ቆማ እንደ ልቧ ብትለቀው ድምፅ ሲበዛበት የሚበራው የማሽኑ ቀይ መብራት ቦግ አለ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ማሽን ትሰብሪያለሽ!» ብሎ ሳቀ። «ቀነስ አድርጊው።»

ቀነሰች። አልበቃ ሲል ከማይኩ ራቅ በይ አላት፤ ራቀች፤ የቆርቆሮው ዝናብና የባጃጁ ጩኸት ከድምፅዋ ጋር ገባ። አንድ ጊዜ ከአዳማ አንድ ባንድ ዘፋኝ ይፈልጋል ሲባል፣ ሳትሳሳ የዘፈነችውን ላከላቸው። ከመላኩ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ቢቀንሰው ድምፁ ዝቅ አለ እንጂ መቀደዱ አልጠፋም። «ድምፅዋ ይሰነጠቃል» ብለው መለሱ። ራሄል አመነች። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ዘፋኞች በቀስታ ትቀበላለች፤ አዝማቹን ካለች ይበቃታል።

በዚህ ክረምት ሩዋይዳ የምትባል የሠርግ ዘፋኝ ከአርቦዬ መጣች። ገና ማይክ ሳትይዝ፣ ሰላምታዋ ብቻ ክፍሉን ሞላው። ራሄል አዘነችላት፤ «አሁን ቀንሺ ሊላት ነው» ብላ ጠበቀች።

ወንድምአገኝ ግን፣ «ከዘፈኑ ሁሉ በጣም የምትጮሂበትን ቦታ አሁን በይልኝ» አላት።

ሩዋይዳ ለቀቀችው። ቀዩ በራ። እሱ እጁን ሰደደና የፕሪአምፑን ጌይን ወደ ግራ አዙሮ ቀነሰው፤ ድጋሚ አስባላት፤ ትንሽ ጨምሮ አዞረው። ከፍተኛው ጩኸቷ ከጣሪያው፣ ከዜሮው መስመር፣ በአሥር ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ሲቆም እጁን አነሳ።

«ብዙ ብቀንሰው ደግሞ በኋላ ሳሳድገው የማሽኑ ሹክሹክታ አብሮ ያድጋል» አላት፤ «ይሄ ግን ልክ ነው። ኮንቨርተሩ ድምፁን ወደ ቁጥር ሲለውጠው ከጣሪያው በላይ ያለውን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውን ማንም አይመልሰውም። አንቺ ጉሮሮሽን አትያዢ፣ እህቴ። መያዝ የኔ ሥራ ነው።»

ራሄል ጆሮዋ ላይ የነበረውን ማዳመጫ ቀስ ብላ አወለቀች።

ሩዋይዳ ከሄደች በኋላ፣ «ወንድምአገኝ፣ ያችን ነገር ለኔ ለምን አላዞርክልኝም?» አለችው።

«የቱን?»

«አሁን ያዞርካትን።»

ገመድ መጠቅለል ጀመረ። «ያኔ ገና ለማጅ ነበርኩ። መች አውቀው ነበር?»

«መቼ አወቅህ?»

«እኔ እንጃ። አዳማ ከላክን በኋላ መሰለኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንቺ ለምደሽው ነበራ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ቀስ ብለሽ ስትዪው ደግሞ ያምርብሻል። ሠርግ ለሠርግ መዞሩ ምን ያደርግልሻል?»

በማግስቱ እሱ ፖስተር ሊያሳትም ሲወጣ ራሄል ስቱዲዮውን ከፍታ ገባች። ጌይኑ ለሩዋይዳ የቆመበት ቦታ ለሷ ድምፅ አይሆንምና እንደ አዲስ ጀመረች፤ ከፍ ያለውን አለች፤ አዞረች፤ እንደገና አለች። ስክሪኑ ላይ የድምፅዋ መስመር ከቀዩ በታች ሰፊ ቦታ ትቶ ሲቆም መቅጃውን ተጫነች።

መጀመሪያው መልካም ነበር። ከፍታው ላይ ስትደርስ ግን ጉሮሮዋ ተያዘባት። ድምፁ ቀጠነና ተሰነጠቀ። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አልወጣም፤ ትንፋሽዋ ብቻ ተቀዳ።

ቁጭ ብላ አዳመጠችው። ከኋላው የማሽን ሹክሹክታ የለም፤ ቀይ አልበራ፤ የተቆረጠ ነገር የለም። ጥርት ብሎ የሚሰማው መሰንጠቅ የራሷ ነበር።

ወንድምአገኝ ሲመለስ እዚያው አገኛት። ስክሪኑን አየና፣ «ልኩ ቆንጆ ነው! ማን አስተካከለልሽ?» አለ።

«እኔ።»

አጫወተው። የተሰነጠቀው ቦታ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ፣ ትንሽ ላስተካክለው፤ ከሌላው ቆርጠን…» ብሎ ማውሱን ያዘ።

«ተወው። ማሽኑ ምንም አላጠፋም» አለችው።

«ራሄልዬ፣ ስትለማመጂ ይመለሳል እኮ።»

«ይመለስ ይሆናል።»

ውጭ ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል። እሱ ወሬ ለመለወጥ ያህል ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «የሩዋይዳ አዝማች ነገ ይቀዳል፤ አንቺው ነሽ የምትቀበያት፤ በዚያ ቀስ ባለው ድምፅሽ» አለ።

«ሌላ ፈልግ» አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ወንድምአገኝ ቀልዷን መስሎት ነበር። በማግስቱ ሩዋይዳ መጥታ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ራሄል አልመጣችም። አዝማቹን ሩዋይዳ ብቻዋን አለችው።